የሥራ መልቀቂያ ስትጽፉ ቀኑን ቁረጡ

«ጋሼ፣ ሌላ ሥራ ስላገኘሁ በቅርቡ እወጣለሁ፤ ለሁሉም አመሰግናለሁ» ብላችሁ ለአለቃችሁ በስልክ ልትልኩ ከሆነ ቆም በሉ። ምስጋናው ደግ ነው፤ «በቅርቡ» ግን ደመወዝና የዓመት ፈቃድ የሚሰላበት ቀን አይደለም። እንዲህ ይሻላል፦

«ከሂሳብ ሠራተኛነቴ በገዛ ፈቃዴ ለመልቀቅ መወሰኔን አስታውቃለሁ። የመጨረሻ የሥራ ቀኔ አርብ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። የወር መዝጊያ ሂሳብ አሠራርን በትዕግሥት ስላሳዩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።»

ደብዳቤው ጥቅምት 5 ገቢ ከሆነ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ ሠራተኛ የሚጠይቀው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሟላል። (ወራችን 30 ቀን መሆኑ ለቆጠራ ይመቻል፤ ጳጉሜን ብቻ አትርሱ።) በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን አስፍሩ።