የጡረታ ማስታወቂያና የአበል ዝርዝር በአንድ ወረቀት አይጻፍም

ጡረታ የሚወጣ ባልደረባ ካላችሁ ሁለት ወረቀት አዘጋጁ። ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ የገንዘቡ ዝርዝር ግን በፖስታ ታሽጎ ለባለቤቱ ብቻ ይሰጣል።

በማስታወቂያው «በትጋት አገልግለዋል» ማለት ለማንም ይሆናል። ድሬዳዋ ለሚሠሩ አንድ የመጋዘን ኃላፊ ስጽፍ «ከ1985 እስከ 2017 ዓ.ም. ቁልፉ በእርሳቸው እጅ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት ቆጠራው ሳያልቅ ለምሳ አይወጡም» አልኩ። አንብበው ሳቁ።

ስህተት የሚበዛው በዝርዝሩ ነው። አበሉ የሚሰላው በመጨረሻው ደመወዝ ሳይሆን ከጡረታ በፊት ባሉት 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ለ32 ዓመት 57.5 በመቶ ይደርሳል። አማካዩ 12,000 ብር ከሆነ ወርሃዊ አበሉ 6,900 ብር ነው። በመጨረሻው 14,000 ብር ብታሰሉት ግን 8,050 ይመጣል፤ ጡረተኛው በሌለ 1,150 ብር ወጪ ያቅዳል።

ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን «ግምት» ብላችሁ ጻፉ፤ የሚወስነው የጡረታ ተቋሙ ነው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድን ገንዘብ የሚከፍለው አሠሪው ስለሆነ በሌላ መስመር አስፍሩት።