ቻርጀሩ ሲቀልጥ፣ ውሃ ሲገባ፣ ባትሪው ሲደክም፦ ኢንሹራንሱ የቱን ይከፍላል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ሰው ሲያገኘኝ ጥያቄው አንድ ነው። «ሙሉ ሽፋን ገብቻለሁ፣ ባትሪው ቢበላሽ ይከፍሉኛል አይደል?» መልሱ ባትሪው ምን ሆነ በሚለው ላይ አያርፍም። ምን አበላሸው በሚለው ላይ ነው የሚያርፈው። ኢንሹራንስ ለአደጋ ይከፍላል፣ ለእርጅና እና በራሱ ለሚመጣ የኤሌክትሪክ ብልሽት ግን በተለመደው ውል አይከፍልም። ስለዚህ ቅጽ ከመሙላትህ በፊት መነሻውን እወቅ።

ምልክት፦ ሶኬቱ ይግላል፣ የፕላስቲክ ሽታ አለ፣ ሶኬቱ ዙሪያ ቡናማ ሆኗል

ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ባትሪውን ነው። እኔ ያየኋቸው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከግድግዳው የጀመሩ ናቸው፣ ያውም ከላላ ብሎን።

7 ኪሎዋት የቤት ቻርጀር በ220 ቮልት 32 አምፔር ይስባል፣ ያለ እረፍት፣ ሰባት ስምንት ሰዓት። ሽቦው የታሰረበት ብሎን ትንሽ ከላላ እዚያች ቦታ ላይ ሙቀት ይፈጠራል። ሙቀቱ የሚያድገው ደግሞ በአምፔሩ ልክ አይደለም፣ አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ ነው። በ10 አምፔር 10 ዋት የምታወጣ ላላ ያለች መጋጠሚያ በ32 አምፔር 100 ዋት ታወጣለች። የድሮውን ባለ 100 አምፖል ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ዘግተህበት እንደማደር ማለት ነው። ብሬከሩ ለምን አልወረደም ትለኛለህ። የሚያልፈው አምፔር እኮ ልክ ነው! ብሬከር የሚያየው አምፔር እንጂ የላላ ብሎን አይደለም።

ባለፈው ክረምት ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ወዳጄ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ቻርጀሩን የሰፈር ኤሌክትሪሻን ከምጣድ መስመር ላይ ቀጠለለት። ምጣዱ ለዓመታት ምንም አልሆነም ነበር፣ ምክንያቱም ምጣድ አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ጋግሮ ይጠፋል፣ የሚስበውም የቻርጀሩን ግማሽ ያህል ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሌሊት ላይ ተቀጣጠለ። ቻርጀሩ ቀለጠ፣ ግድግዳው ጠቆረ፣ እሳቱ በገመዱ ሄዶ የመኪናውን መሙያ አፍ አበላሸ።

ካሳውን ሲጠይቅ አንዱ እሳት ሦስት ቦታ ተከፋፈለ። የመሙያ አፉ ተከፈለው፣ ምክንያቱም የመኪናው አካል ነው፣ እሳቱም ከውጭ ነው የመጣው። ቻርጀሩ አልተከፈለም፣ ግድግዳ ላይ የተተከለ ዕቃ ስለሆነ በመኪናው ውል ውስጥ የለም። ግድግዳውም አልተከፈለም፣ የቤት እሳት መድን አልነበረውማ። የመሙያ አፉም ቢሆን ለጥቂት ነው የተረፈው፤ ኤሌክትሪሻኑ የኢንሹራንሱ ገማች ሳይመጣ የተቃጠለውን ሁሉ ነቅሎ ጥሎት ነበር። ያዳነው ልጁ በዚያ ሌሊት በስልኳ ያነሳችው ፎቶ ነው፤ ነበልባሉ ይታያል።

ነበልባል ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ነበልባል ሳይኖር ግሎ የቀለጠ ሶኬት በብዙ ውሎች «የኤሌክትሪክ ብልሽት» ተብሎ ነው የሚታየው። በተለመደው የእሳት መድንም ቢሆን መነሻ የሆነው የኤሌክትሪክ ዕቃ ራሱ ብዙ ጊዜ አይከፈልም፣ እሳቱ ተዛምቶ ያቃጠለው ግን ይከፈላል።

መፍትሄው፦ ከቆጣሪው አጠገብ ለብቻው የሚነሳ መስመር አስዘርጋ፣ ሽቦው ከ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ያላነሰ መዳብ፣ ብሬከሩ 40 አምፔር፣ ግራውንዱ በመሣሪያ የተለካ ይሁን። ቆጣሪህ ያን ያህል ይችል እንደሆነም አስቀድመህ ጠይቅ። ከአንድ ወር በኋላ ኤሌክትሪሻኑ ኃይል አጥፍቶ ብሎኖቹን መልሶ ያጥብቅልህ፤ ግሎ ሲቀዘቅዝ ይላላሉ። የሠራውን ሰው ደረሰኝ እና የሥራውን ፎቶ አስቀምጥ። ከዚያ ቻርጀሩን በቤቱ እሳት መድን ላይ በስሙ፣ በመለያ ቁጥሩ እና በዋጋው አስጽፈው። አንድ መስመር ጽሑፍ ናት።

ምልክት፦ ከዝናብ በኋላ አልሞላም አለ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የኢንሱሌሽን ማስጠንቀቂያ መጣ

የብዙዎቹ ባትሪ ሳጥን አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ እንዲቋቋም ተደርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ የመንገድ ላይ ኩሬ ብቻውን አይገባበትም። የሚገባው ከስር ድንጋይ የመታው ዕለት ነው። ሳጥኑ ይጎደጉዳል ወይም ማሸጊያው ትንሽ ይከፈታል፣ መኪናው ግን እንደ ወትሮው ይሄዳል፣ ከወራት በኋላ እርጥበቱ ውስጡን ያዝገዋል። ያን ጊዜ ብታመለክት ገማቹ ዝገት ነው የሚያየው፣ ዝገት ደግሞ እርጅና ነው። ድንጋዩ ግን ግጭት ነበር፣ ግጭት ይከፈላል።

ስለዚህ ከስር «ጓ!» ካለ በዚያው ቀን መኪናውን ከፍ አስደርገህ ስሩን ፎቶ አንሳ፣ ለኢንሹራንሱም በጽሑፍ አሳውቅ። ምንም ባይታይም አሳውቅ።

የቦርከና ጎርፍ ወይም ሌላ ጎርፍ ውስጥ የቆመ መኪና ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። አታስነሳው፣ አትሙላው፣ ሽቅብም ቁልቁልም በጎማው አታስጎትተው፤ ሙሉ በሙሉ ተጭኖ ይሂድ። ከቤትም ከሌላ መኪናም 15 ሜትር አርቀህ አቁመው፣ ውሃ የገባው ባትሪ ከቀናት በኋላም ሊቀጣጠል ይችላል። ካስነሳኸው ደግሞ «ጉዳቱን ያባባስከው አንተ ነህ» ይሉሃል፣ አባባላቸውም እውነት አለው። ጎርፍ በአንዳንድ ውል ተጨማሪ ተከፍሎበት ካልሆነ እንደማይገባ ከክረምት በፊት አይተህ እወቅ።

ምልክት፦ ኪሎ ሜትሩ ቀነሰ፣ ባትሪው ደክሟል

ቆይ፣ መጀመሪያ ዳገቱን ቀንስ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ደሴ 2,500 ገደማ። ሁለት ቶን መኪና 650 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት ብቻ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ ሜዳ ላይ 25 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚበቃው 4 ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ላይ ስታሰላው 7 ከመቶ መውሰድ የነበረበት መንገድ 12 ከመቶ ይወስዳል። ይሄ ድካም አይደለም፣ ጂኦግራፊ ነው። ስትወርድ የተወሰነውን ይመልስልሃል፣ ከደሴ 100 ሞልተህ ካልተነሳህ፤ ሙሉ ባትሪ የሚቀበልበት ቦታ የለውም።

ትክክለኛውን ለማወቅ ከ20 እስከ 100 ከመቶ ሙላና ቻርጀሩ ያስገባውን ኪሎዋት ሰዓት አንብብ። ከዚያ ላይ 10 ከመቶ ያህል ባትሪው ጋ ሳይደርስ ይባክናል። ለምሳሌ 42 ካስገባ 38 አካባቢ ነው ባትሪው ጋ የደረሰው፣ ያ 80 ከመቶው ስለሆነ ሙሉው 47 ይሆናል። ከ60ው 79 ከመቶ ማለት ነው። ስካነር ላይ SOH የሚለው የባትሪ ጤንነት ቁጥር ከዚህ በጣም ከራቀ፣ በተለይ ባትሪው ሊቲየም ብረት ፎስፌት ከሆነ፣ ጥቂት ጊዜ 100 ድረስ ሞልተህ አሳድረውና መልሰህ ለካ፤ ኮምፒውተሩ ስቶ ሊሆን ይችላል።

79ኙ እውነት ቢሆንስ? ኢንሹራንሱ አይመለከተውም፣ እርጅና ነው። የሚመለከተው የፋብሪካው ዋስትና ነው፣ እሱም በተለመደው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ70 ከመቶ በታች ሲወርድ ነው የሚሠራው። ከፋብሪካው ወኪል ውጭ በሌላ ነጋዴ በኩል ከቻይና የገባ መኪና ከሆነ ደግሞ ያ ዋስትና እዚህ የሚሠራ መሆኑን ሻጩ በወረቀት ይጻፍልህ፣ በአፍ አይደለም፣ ከመክፈልህ በፊት።