በስዋሂሊ ቅጽልንና ግስን ከስሙ ጋር እንዴት ማስማማት ይቻላል? የኪ እና የቪ ምድብ

በአማርኛ ግሱ «መጣ» ወይም «መጣች» እያለ ጾታን ይለያል። በስዋሂሊ ግን ጾታ ቦታ የለውም፤ ስሞች በየምድባቸው ይከፈሉና የምድቡ ባዕድ መነሻ በቅጽሉም በግሱም ላይ ይገባል። ለመጀመር የሚመቸው፣ በነጠላ «ኪ»፣ በብዙ «ቪ» የሚይዘው ምድብ ነው፤ በስሙ፣ በቅጽሉና በግሱ ላይ የሚታየው ድምፅ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነውና።

በመጀመሪያ ስሙን ወደ ብዙ ቁጥር ይለውጡ። «ኪታቡ» መጽሐፍ ሲሆን ብዙው «ቪታቡ» ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ፣ የእኛም «ክታብ» ዘመድ ነው፤ «ኪ» የሥሩ አካል ቢሆንም ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ ባዕድ መነሻ ቈጥረው በ«ቪ» ይተኩታል። በአንጻሩ «ኪኡ»፣ ማለትም ጥማት፣ በ«ኪ» ቢጀምርም «ቪኡ» ስለማይባል ከዚህ ምድብ ውጭ ነው።

ቀጥሎ ቅጽሉን ያስማሙ። «ኩቧ» ትልቅ ማለት ስለሆነ «ኪታቡ ኪኩቧ» ትልቅ መጽሐፍ፣ «ቪታቡ ቪኩቧ» ትልልቅ መጻሕፍት ይሆናል። ቅጽሉ በአናባቢ ሲጀምር ድምፁ ይዋሃዳል፤ «ኤኡፔ» (ነጭ) ከ«ኪ» ጋር «ቼኡፔ»፣ ከ«ቪ» ጋር «ቭዬኡፔ» ይሆናል። እንደ «ሳፊ» (ንጹሕ) ያሉ ከዐረብኛ የገቡ ቅጽሎች ግን ምንም አይጨመርባቸውም።

ከዚያ ወደ ግሱ ይለፉ። «ፊካ» መድረስ ሲሆን፣ የድርጊቱን መፈጸም የሚያሳየው «ሜ» ከፊቱ ይገባል፤ የምድቡ ምልክት ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል። ስለዚህ «ኪታቡ ኪኩቧ ኪሜፊካ» ትልቁ መጽሐፍ ደርሷል፣ «ቪታቡ ቪኩቧ ቪሜፊካ» ትልልቆቹ መጻሕፍት ደርሰዋል ማለት ነው።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ስሙ ሰውን ወይም እንስሳን ሲጠራ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ስሙ በ«ኪ» ቢጀምር እንኳ ቅጽሉና ግሱ የሰዎችን ምድብ ይከተላሉ፤ ቅጽሉ በነጠላ «ም»፣ ግሱ «አ» ይይዛል፤ በብዙ ሁለቱም «ዋ» ይይዛሉ። ይህን ለማየት «ኪፋሩ» ከሚለው ቃል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ቃሉ አውራሪስም ነው፣ የጦር ታንክም ነው፤ ብዙውም ለሁለቱም «ቪፋሩ» ነው። «ኪፋሩ ምኩቧ አሜፊካ» ሲባል የደረሰው ትልቅ አውራሪስ ነው፤ «ኪፋሩ ኪኩቧ ኪሜፊካ» ሲባል ግን ታንክ ነው። በብዙ ቁጥርም «ቪፋሩ ዋኩቧ ዋሜፊካ» ስለ አውራሪሶች፣ «ቪፋሩ ቪኩቧ ቪሜፊካ» ስለ ታንኮች ይናገራል። ስለ አውራሪስ እየተናገሩ ሰሚው ስለ ጦር ከጠየቀዎት፣ ስሕተቱን ከስሙ ሳይሆን በግሱ መነሻ ላይ ካለው ድምፅ ይፈልጉት።