የጉዞ ኢንሹራንስ ገንዘብ ስትጠይቁ፦ ለሐኪም የተናገራችሁት ሁሉ ይጻፋል

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው «ታምሜ ከኪሴ ከፈልኩ፣ ኢንሹራንሱ እንዴት ይመልስልኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሦስቱም የያዙት የካርድ ክፍያ ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው። እሱ መክፈላችሁን እንጂ ለምን እንደከፈላችሁ አይናገርም።

የሚፈለገው የምርመራው፣ የአልጋው፣ የመድኃኒቱ ዋጋ ለየብቻ የተጻፈበት ደረሰኝ ነው። ከሱ ጋር የሐኪም ሪፖርት ይያያዛል። ሪፖርቱ የበሽታውን ስም፣ ምልክቱ የጀመረበትን ቀንና የተሰጠውን ሕክምና መያዝ አለበት። ይህን ከሆስፒታሉ ሳትወጡ ጠይቁ። በኋላ ከመዝገብ ክፍል ማስወጣት ሳምንታት ይፈጃል። ተኝታችሁ የምትታከሙ ከሆነ ደግሞ የኢንሹራንስ ውሉ፣ ማለትም ፖሊሲው ላይ ወዳለው የ24 ሰዓት ስልክ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ወይም ሰው እንዲደውል አድርጉ። ሳያሳውቁ መተኛት ብዙ ጊዜ ክፍያ ያስቀንሳል።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ሌሊት ሆዴን ቆርጦኝ፣ እያስመለሰኝ ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። ሐኪሙ «ከዚህ በፊት ያምህ ነበር?» አለኝ። «አዎ፣ ጨጓራ ድሮም አለብኝ» አልኩት። ጨጓራዬን ማንም መርምሮኝ አያውቅም። እኛ ሆዳችን ባቃጠለን ቁጥር ጨጓራ እንላለን። እሱ ግን «የቆየ የጨጓራ ሕመም» ብሎ መዘገበው። የላብራቶሪ ውጤቱ የአንጀት ኢንፌክሽን ነበር።

ከስድስት ሳምንት በኋላ የመጣው መልስ «ከፖሊሲው በፊት የነበረ ሕመም ስለሆነ አይሸፈንም» ይላል። 840 ዶላር ከፍዬ ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይተወዋል፤ አትተዉት። እምቢ ያሉበትን አንቀጽ በጽሑፍ ጠይቁ። እኔ ሐኪሙ ጋ ተመልሼ ሕመሙ ድንገተኛ ኢንፌክሽን መሆኑንና ከቀድሞ የሆድ ማቃጠል ጋር እንደማይያያዝ የሚገልጽ ደብዳቤ አጻፍኩ። የላብራቶሪ ውጤቱን አያይዤ ይግባኝ አልኩ። 705 ዶላር ተመለሰልኝ። 100ው ፖሊሲው ላይ በራሴ የምሸፍነው ተብሎ የተቀመጠው ነው። 35ቱ የመድኃኒት ደረሰኝ ነበር፤ የማዘዣውን ቅጂ ስላልያዝኩ ቀረ።

ለሐኪም ዋሹ እያልኳችሁ አይደለም። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ለሐኪሙም፣ ፖሊሲውን ሲገዛ ለኢንሹራንሱም ይናገር። መደበቁ ሲታወቅ ሌላውንም ክፍያ ሊያስከለክል ይችላል። በሐኪም የተረጋገጠውን ንገሩ፣ ያልተረጋገጠውን ደግሞ «አልፎ አልፎ ያቃጥለኛል፣ ተመርምሬ አላውቅም» በሉ። አስተርጓሚም ጠይቁ።

መደበኛ ምርመራ፣ ድንገተኛ ያልሆነ የጥርስ ሕክምና፣ ጠጥቶ የደረሰ ጉዳት፣ ለመታከም ተብሎ የተደረገ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈኑም። ማመልከቻ የሚገባበት የመጨረሻ ቀንም ፖሊሲው ላይ አለ። ከታመማችሁበት ቀን ይሁን ከጉዞ ከተመለሳችሁበት የሚቆጠረው፣ ዛሬውኑ አንብቡት።