«መስት»፣ «ሹድ» እና «ማይት»፦ ግምታችሁን በእንግሊዝኛ በልኩ እንዴት ትናገራላችሁ?

የሰዋስው መጽሐፍ ስትከፍቱ «መስት» ግዴታ፣ «ሹድ» ምክር፣ «ማይት» ደግሞ ምናልባት ተብሎ ይመጣል። ስህተት የለበትም፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው። እነዚሁ ቃላት ሌላ ሥራም አላቸው። በዓይናችን ያላየነውን ነገር ከምልክቱ ተነስተን ስንገምት፣ ግምታችን ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። አብዛኛው ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። ግዴታውንና ምክሩን ቶሎ ብለን እናልፍና ግምቱ ላይ እንቆይ።

1. መጀመሪያ ትእዛዝ ይሁን ግምት ለዩ

አማርኛ እዚህ ላይ ያግዘናል። «ዳዊት ቤት መሆን አለበት» የሚለውን አስቡት። እናቱ «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ቤት መሆን አለበት» ካሉ ትእዛዝ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ መብራቱን አይቶ «በርቷል፣ ቤት መሆን አለበት» ካለ ግምት ነው። «መስት»ም ልክ እንዲሁ ሁለቱንም ይሸከማል።

ታዲያ በምን እንለያለን? አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው በሚመጣው ግሥ ነው። ሁኔታን የሚገልጽ ግሥ ከመጣ፣ ለምሳሌ መሆን ወይም ማወቅ፣ ግምት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። «ዩ መስት ኖው ሂም» ማለት «መቼም ሳታውቀው አትቀርም» ነው። ድርጊትን የሚገልጽ ግሥ ብቻውን ከመጣ ግን ሰሚው ግዴታ አድርጎ ይወስደዋል። «ሂ መስት ወርክ» ስትሉ «መሥራት አለበት» አላችሁ። «አሁን እየሠራ መሆን አለበት» ለማለት ከፈለጋችሁ «ሂ መስት ቢ ወርኪንግ» ማለት ያስፈልጋል። ያቺ «ቢ» እና መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢንግ» ከወደቁ ግምታችሁ ትእዛዝ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ሌላው ወጥመድ የወደፊቱ ጊዜ ነው። እኛ «ነገ ሳይዘንብ አይቀርም» እንላለን። ይህን በ«መስት» ለመናገር መሞከር አያዋጣም። «ኢት መስት ሬን ቱሞሮው» የሚል እንግሊዛዊ ብትሰሙ፣ ዝናብ እንዲዘንብ የግድ ያስፈልጋል ማለቱ ነው እንጂ እየገመተ አይደለም። ለነገ ግምት «ኢት ዊል ፕሮባብሊ ሬን» ይበቃል።

2. ግዴታና ምክርን በክብደታቸው ምረጡ

አሜሪካ ምግብ ቤት የሠራ ሰው መጸዳጃ ክፍሉ ውስጥ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያውቀዋል፦ «ኢምፕሎዪስ መስት ዎሽ ሃንድስ»። ሠራተኞች እጃቸውን መታጠብ አለባቸው። ምርጫ የለውም። «መስት» በጽሑፍ፣ በደንብና በማስታወቂያ ላይ የሚያምርበት እንዲህ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ከውጭ የመጣ ግዴታ ሲሆን ሰዎች «ሃቭ ቱ» ማለት ይቀናቸዋል። «አይ ሃቭ ቱ ጎ» ማለት ሥራ አለብኝ፣ ሰዓት ደርሷል፣ መሄድ አለብኝ ነው።

«ሹድ» ምክር ነው። ብትሰማኝ ይሻልሃል፣ ባትሰማኝ ግን የሚቀጣህ የለም። ይህ ልዩነት በቴክኒክ ሰነዶች ላይ ጭራሽ በጽሑፍ ተደንግጓል። የኢንተርኔት ደረጃዎችን የሚያወጡ ባለሙያዎች በ1997 (እ.ኤ.አ.) RFC 2119 የሚባል አጭር ሰነድ አውጥተው ነበር። በሱ መሠረት «መስት» የተባለው ነገር በፍጹም አይታለፍም። «ሹድ» የተባለው ግን በቂ ምክንያት ካለና መዘዙ ከታሰበበት ሊታለፍ ይችላል። ለሰነድ የተሠራ ፍቺ ቢሆንም ለተራ ንግግርም በደንብ ያገለግላል ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ «ሃድ ቤተር» የሚባለውን ተጠንቀቁ። «ይሻልሃል» ስለሚመስል ለስላሳ ምክር ይመስለናል። አይደለም። «ዩ ሃድ ቤተር ፊኒሽ ኢት ቱዴይ» ውስጥ «ዛሬ ባትጨርሰው ወዮልህ» የሚል ነገር አለ። ለልጅ ወይም ለጓደኛ ይሄዳል፣ ለአለቃ ግን አይሄድም።

እንግዳ ተቀባይነትም አለ። «ዩ መስት ትራይ ዚስ» ብላ ዶሮ ወጥ የምታቀርብላችሁ ሴት እያዘዘቻችሁ አይደለም። «ሞት ይንሳኝ፣ ቅመሱልኝ» ማለቷ ነው።

3. ግምታችሁን በማስረጃችሁ ልክ አድርጉ

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። እንበልና ቢሮ ውስጥ ናችሁ። ጠዋት 4 ሰዓት ከ10 ሆኗል። ሄለን ቦታዋ ላይ የለችም። አማርኛ የማያውቀው አለቃ ደውሎ «ሄለን የት አለች?» አላችሁ።

ምንም የምታውቁት ከሌለ «ሺ ማይት ቢ ኢን ኤ ሚቲንግ» በሉ። ስብሰባ ላይ ልትሆን ትችላለች። ልታምም ትችላለች፣ መንገድ ላይም ልትሆን ትችላለች። «ማይት» ሌላውን በር ሁሉ ክፍት ይተወዋል። በእሱ ፋንታ «ሜይ» ወይም «ኩድ» ብትሉም በእንዲህ ያለ ቦታ ብዙ ልዩነት የለውም።

አሁን ደግሞ ስብሰባዋ ሁልጊዜ 4 ሰዓት ላይ እንደሚያልቅ ታውቃላችሁ እንበል። «ሺ ሹድ ቢ ባክ ሱን» ትላላችሁ። አሁን ትመጣለች፣ እንደ ልማዱ ከሆነ። ይህ ምክር አይደለም። «ነገሩ በተለመደው መንገድ ከሄደ እንዲህ መሆን አለበት» ማለት ነው። እዚህ ውስጥ አንዲት ረቂቅ ነገር አለች። ይህኛው «ሹድ» የምንጠብቀው ነገር ጥሩ ወይም ቢያንስ የማይከፋ ሲሆን ነው የሚስማማው። «ፈተናው ቀላል ይሆናል» ለማለት ያምርበታል። «ፈተናው ከባድ ይሆናል» ብላችሁ ለመገመት በ«ሹድ» ብትናገሩ ግን ሰሚው «ፈተናው ከባድ ቢሆን ነው የሚበጀው» እንዳላችሁ ሊወስደው ይችላል። ተማሪዎች አይወዷችሁም።

ቀጥሎ ወደ ጠረጴዛዋ ዞር ስትሉ ቦርሳዋ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ኮምፒውተሯ በርቷል። ቡናዋ ገና ይጨሳል። አሁን «ሺ መስት ቢ ኢን ዘ ቢልዲንግ» ማለት ትችላላችሁ። ሕንፃው ውስጥ መሆን አለባት። ሌላ ነገር ለመገመት የሚያበቃ ምክንያት አልቀረም።

በመጨረሻ በመስታወቱ በኩል ኮሪደር ላይ ስልክ ስታወራ አያችኋት። አሁን ምን ትላላችሁ? ብዙ ሰው «መስት» ከሁሉም የጠነከረ ነው ብሎ ስለሚያምን እዚህም ይጠቀምበታል። ግን አይሆንም። ያያችሁትን ነገር «ሺ ኢዝ ኢን ዘ ቢልዲንግ» ብላችሁ በቀጥታ ትናገራላችሁ፣ አለቀ። «መስት» ካላችሁ አለቃው «አሃ፣ አላያትም ማለት ነው» ብሎ ይረዳል። የግምቱ «መስት» ምንም ያህል ቢጠነክር «ከምልክቱ ተነስቼ ነው» የሚል ማኅተም አለበት፣ በዚህ የተነሳ ከተራው «ነች» ያንሳል። አማርኛውም እንዲሁ ነው። ፊት ለፊት የቆመችን ሴት «እዚህ መሆን አለባት» አንልም።

ስለዚህ ከመናገራችሁ በፊት የምትጠይቁት «ምን ያህል እርግጠኛ ነኝ?» ሳይሆን «በምን አወቅኩ?» ቢሆን ይሻላል። ዝም ብሎ ሐሳብ ከሆነ «ማይት»፣ ከልማድ ከሆነ «ሹድ»፣ ከተጨባጭ ምልክት ከሆነ «መስት» ነው። ካያችሁ ግን አንዱም አያስፈልግም።

4. አሉታዊውን ስትናገሩ ቃሉን ቀይሩ

አለቃው «ወደ ቤቷ ሄዳ ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅና እናንተ ቦርሳዋን እያያችሁ ከሆነ፣ «ቤቷ ልትሆን አትችልም» ማለት ትፈልጋላችሁ። በእንግሊዝኛ «ሺ ካንት ቢ አት ሆም» ነው። «መስንት» አይደለም። «ሺ መስንት ቢ አት ሆም» ካላችሁ ቤት መሆን እንደተከለከለች አድርጎ ነው የሚሰማው።

ይህ ለእኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። እኛም «ቤት መሆን አለባት» ብለን ገምተን ስናበቃ፣ ግምቱን ለመካድ «ቤት መሆን የለባትም» አንልም። «ልትሆን አትችልም» ወደሚለው እንዘላለን። እንግሊዝኛም ከ«መስት» ወደ «ካንት» የሚዘለው በዚሁ መንገድ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ «ሺ መስት ኖት ቢ ሃንግሪ» ሲባል ትሰማላችሁ። «አልራባትም መሰለኝ» እንደማለት ነው። «ኖት» ሳይቆረጥ፣ ለግምት ይነገራል። ከ«ካንት» ግን ይለሳለሳል።

«ማይት ኖት» ደግሞ ሌላ ነው። «ሺ ማይት ኖት ኖው» ላታውቅ ትችላለች ነው። «ሺ ካንት ኖው» ልታውቅ አትችልም ነው። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ነው፣ ሁለተኛው በር መዝጋት።

ግዴታ ላይ ያለው አሉታዊ ደግሞ ሥራ ቦታ ላይ ችግር የሚያመጣው ነው። «ዩ መስንት ካም ኦን ሰንዴይ» እሁድ እንዳትመጣ፣ ክልክል ነው። «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ካም ኦን ሰንዴይ» ደግሞ የግድ መምጣት አይጠበቅብህም፣ ከፈለግክ ና ነው። እኛ ሁለቱንም «መምጣት የለብህም» ብለን በድምፅ ልንለያቸው ስለምንችል፣ እንግሊዝኛው ላይ አንዱን በሌላው ቦታ እናስገባለን። «የግድ» የምትለዋን ቃል አማርኛው ውስጥ ጨምራችሁ ሞክሩ። ትርጉሙ ሳይዛባ ከገባች «ዶንት ሃቭ ቱ» ነው የሚሆነው።

5. ላለፈው ነገር «ሃቭ» ጨምሩ

ያለፈ ግዴታ «ሃድ ቱ» ነው። «ትናንት መሥራት ነበረብኝ» ለማለት «አይ ሃድ ቱ ወርክ የስተርዴይ»። ያለፈ ግምት ግን «መስት ሃቭ» ይሆንና የግሡ ሦስተኛ ቅርጽ ይከተላል። ቡናዋ በርዶ ካገኛችሁት «ሺ መስት ሃቭ ለፍት ኧርሊየር»፣ ቀደም ብላ ሳትወጣ አልቀረችም። ቦርሳዋ ካለ ደግሞ «ሺ ካንት ሃቭ ጎን ሆም»። በፍጥነት ሲነገር «መስት ሃቭ» «መስታቭ» ይመስላል። ሲጽፉ «ኦቭ» አድርገው የሚሳሳቱ እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት ሰዎችም ሞልተዋል። እናንተ በጆሮ ሳይሆን በሰዋስው ጻፉት።

«ሹድ ሃቭ» ላይ ሲደርስ ግን ዐውዱን ማየት ግድ ይላል። «ሺ ሹድ ሃቭ አራይቭድ ባይ ናው» ስንል ይሄኔ ደርሳለች ብለን እየጠበቅን ሊሆን ይችላል። አልደረሰችም ብለን እየተጨነቅንም ሊሆን ይችላል። «ዩ ሹድ ሃቭ ኮልድ ሚ» ውስጥ ግን ጥርጥር የለም። መደወል ነበረብህ፣ አልደወልክም፣ ተቀይሜሃለሁ።