ጆሮ ከሻወር በኋላ ድፍን ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

ምልክቱ

አዳማ ላይ በአቧራና በንፋስ ሲነዳ የሚውል የባጃጅ ሹፌር እንውሰድ። ማታ ማታ ጆሮውን በጥጥ እንጨት ይጠርጋል። ቅዳሜ ከሻወር ሲወጣ ቀኝ ጆሮው ድፍን ይላል። የሰው ድምፅ ከግድግዳ ማዶ የሚመጣ ይመስለዋል፤ የራሱ ድምፅ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ያስተጋባል። ሕመምም ፈሳሽም የለውም። "ውኃ ገብቶብኝ ነው" ብሎ በአንድ እግሩ ይዘላል፤ ጠብ የሚል ነገር የለም።

ምክንያቱ

ጆሮውን የደፈነው ኩክ ነው። ኩክ የሚመነጨው ከጆሮ ቀዳዳ ውጫዊ ክፍል ብቻ ነው። የቀዳዳው ቆዳ ከታምቡሩ ወደ ውጭ ቀስ እያለ ስለሚያድግ፣ ኩኩንና የያዘውን አቧራ ይዞ ይወጣል። የጥጥ እንጨት ይህን ጉዞ ይገለብጠዋል። ጫፉ ላይ ቢጫ ሲታይ የጸዳ ይመስላል፤ የቀረው ግን ወደ ታምቡሩ ተጠቅጥቋል። የእስክሪብቶ ክዳንና ክብሪትም ያው ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ይቧጭራሉ።

በየማታው የሚጠቀጠቀው ኩክ ትንሽ ክፍተት እስከተረፈው ድረስ መስማት ብዙም አይቀንስም። የሻወሩ ውኃ ሲነካው ያብጥና ያችን ክፍተት ይዘጋታል። ድንገት የሚሆነው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ይሞክሩ፦ አፍዎን ዘግተው "እምምም" ይበሉ። ድምፁ ወደተደፈነው ጆሮ ካደላ ኩክ ሊሆን ይችላል። ወደ ደህናው ጆሮ ካደላ ግን ጉዳቱ ውስጠኛው ጆሮ ላይ ሊሆን ስለሚችል በጠብታ ለመክፈት እየሞከሩ አይቆዩ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ። ሕክምናው ከዘገየ መስማቱ ላይመለስ ይችላል።

መፍትሄው

ከፋርማሲ የወይራ ዘይትና ንጹሕ ጠብታ ማድረጊያ ይግዙ። ጠርሙሱን ለጥቂት ደቂቃ በእጅዎ ጨብጠው ያሙቁት፤ ከቀዘቀዘ ወይም ከጋለ ያዞራል። ነጭ ሽንኩርት የተጠበሰበትን ዘይት ጆሮ ውስጥ የሚያደርጉ አሉ፤ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ይቅር።

የተደፈነው ጆሮ ወደ ላይ እንዲሆን በጎን ይተኙ። ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው 2 ወይም 3 ጠብታ ያድርጉና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆዩ። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቀጥሉ። መጀመሪያ ላይ ድፍንነቱ ሊብስ ይችላል፤ ኩኩ እየራሰ ነው፣ አያቋርጡ። ወደ ውጭ የፈሰሰውን በጨርቅ ይጥረጉ፣ ወደ ውስጥ ግን ምንም አያስገቡ።

ጆሮው የሚያም፣ መግል የሚያወጣ፣ ታምቡሩ የተበሳ ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ከሆነ ጠብታ አይደረግም።

በ5 ቀን ካልተከፈተ ጤና ጣቢያ ወይም የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ያሳዩት። የራሰ ኩክ ለብ ባለ ውኃ ሲታጠብ በቀላሉ ይወጣል። ጆሮዎ ከመታጠቡ በፊት ግን በልጅነትም ቢሆን መግል ያወጣ እንደነበር ይናገሩ፤ ታምቡሩ ቀዳዳ ካለው ውኃው ወደ መካከለኛው ጆሮ ያልፋል።