ስድስት ሆሄ ትኬት አይደለም፦ ለበዓል ጎጃም ለምትገቡ ቤተሰቦች

ኅዳር ሲገባ ስልኬ በአንድ ዓይነት መልእክት ይሞላል። "ይሄን ማስታወቂያ እየው እስቲ፣ ልክፈል?" የሚል ነው። ከታች የገና በግ፣ የአውሮፕላን ሥዕልና ከ"ጀምሮ" ጋር የተጻፈ ዋጋ ይኖራል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ስመልስ ስለከረምኩ አሁን አንድ ጊዜ ልጻፈው። የምጽፈው ደርሶብኝ ስላየሁት ነው። ሌላ ሰው እንዲደርስበት አልፈልግም።

ማስታወቂያው የደረሰኝ ባሕር ዳር ካለው የአክስቴ ልጅ ነበር። "ገናን ከእናትዎ ጋር! ከ1,150 ዶላር ጀምሮ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ ሕፃናት በነፃ፣ ጥቂት መቀመጫ ቀርቷል" ይላል። ወኪሉ እኔ ያለሁበት አሜሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው። የአክስቴ ልጅ "ባለቤቱን አውቀዋለሁ፣ አብረን ነው የተማርነው፣ አታስብ" አለኝ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃችንና ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ትንሿ ነን። ታኅሣሥ 21 ተነስተን፣ ገናንና ጥምቀትን ዳንግላ እናቴ ጋ ውለን፣ ጥር 23 እንጅባራ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለልጆቹ አሳይተን ልንመለስ ነበር። ጠቅላላ 4,300 ዶላር ተባልኩ። በዜል ላክሁ። በማግሥቱ የበረራ ሰዓትና የአራታችን ስም ያለበት ወረቀት መጣልኝ፤ ከላይ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድ አለው። ትኬት ነው ብዬ አስቀመጥኩት።

ትኬት አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ይሄ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ስድስት ሆሄ ያለው ኮድ ቡኪንግ ነው። መቀመጫው በስማችሁ ተይዟል ማለት እንጂ ተከፍሎበታል ማለት አይደለም። ወኪል አንድ ሳንቲም ሳይከፍል ይሄን ኮድ ሊያወጣ ይችላል። አየር መንገዱ ለእንዲህ ዓይነቱ ቡኪንግ የጊዜ ገደብ ያስቀምጥለታል። እስከዚያ ድረስ ትኬት ካልተቆረጠ ሲስተሙ ራሱ ይሰርዘዋል፤ ለእናንተ የሚደውል የለም። አንዳንዱ ወኪል ገንዘባችሁን ይዞ ዋጋ እስኪወርድ ይጠብቃል። አንዳንዱ በእናንተ ገንዘብ ከእናንተ በፊት የከፈለውን ሰው ትኬት ይቆርጣል፣ የእናንተን ደግሞ ከእናንተ ቀጥሎ በሚመጣው። ሰው መምጣት ያቆመ ቀን መጨረሻ የከፈለው ሜዳ ላይ ይቀራል።

ትኬት ቁጥሩ ሌላ ነው። 13 አሃዝ ነው፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የተለያየ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ትኬቱ በየትኛው አየር መንገድ ስም እንደተቆረጠ ይናገራሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ነው፣ የቱርክ 235፣ የኤምሬትስ 176። አራት ሰው ከሆናችሁ አራት ቁጥር ሊመጣላችሁ ይገባል። እቅፍ ላይ የምትሄደው ሕፃንም የራሷ ቁጥር አላት።

ቁጥሩ ሲደርሳችሁ ወኪሉን ሳይሆን አየር መንገዱን ጠይቁ። ድረ ገጹ ላይ ኮዱንና ፓስፖርታችሁ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ ያለውን ስም አስገብታችሁ ቡኪንጋችሁን ማየት ትችላላችሁ። ካልሆነ ደውሉና "ይህ ትኬት ተቆርጧል? አሁንም ይሠራል?" በሉ። ደግሞ አንድ ጊዜ አይታችሁ አትተዉት። ወኪል የቆረጠውን ትኬት በዚያው ዕለት መልሶ ሊያጠፋው ይችላል፣ ቁጥሩ ያለበት ወረቀት ግን እናንተ እጅ ይቀራል። ከሁለት ቀን በኋላ ደግማችሁ እዩ፣ ከዚያ ከጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀር።

ቁጥሩ ሳይመጣ መዘግየቱ ሁልጊዜ ማጭበርበር ነው ማለት አይደለም። ለበዓል ወኪሎች መቀመጫ በጅምላ፣ በግሩፕ ይይዛሉ፤ የዚያ ትኬት ዘግይቶ መቆረጡ የተለመደ ነው። "ግሩፕ ነው" ካሏችሁ ግን የሚቆረጥበትን ቀን በጽሑፍ ጠይቁ። ቀኑን በጽሑፍ ለመስጠት የሚያንገራግር ሰው ጋ ገንዘብ አትተዉ።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ የሻንጣውን ነገር ላጣራ ብዬ ኮዱን አስገባሁ። እንዲህ ዓይነት ቡኪንግ የለም አለኝ። ለወኪሉ ደወልኩ፣ "ሲስተም ነው፣ ነገ ይስተካከላል" አለ። ነገ ሦስት ጊዜ መጣ። ከዚያ ስልኩን ማንሳት ተወ። ራሴ ልግዛ ብዬ ስመለከት ለዚያ ሳምንት የቀረው ዋጋ ለአራታችን የከፈልኩትን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። አልሄድንም። ዳንግላ እናቴ በጉን ገዝታ፣ ጠላውን ጠምቃ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጆቼ ለገና ይገባሉ" ብላ ነበር። ለእሷ የደወልኩላትን ቀን አሁንም ሳስበው ደረቴን ይይዘኛል። "ምንም አይደል ልጄ፣ እድሜ ይስጠን" አለችና ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት።

ገንዘቡ ግማሹ ከስምንት ወር በኋላ ተመለሰ። ግማሹ ቀረ።

አሁን ስለ ዘመድ። የአክስቴ ልጅ ሌባ አይደለም። አብረን ያደግን፣ አባቴ ሲሞት ድንኳን የተከለ፣ ለቅሶው እስኪያልቅ ቤቱ ያልገባ ሰው ነው። ግን ከእያንዳንዱ ተሳፋሪ ኮሚሽን እንደሚያገኝ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ወኪሉን "አውቀዋለሁ" ሲለኝ የሚያውቀው ከሃያ ዓመት በፊት አብሮት የተማረውን ልጅ ነው፤ የዛሬውን የገንዘብ አያያዙን አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርጌ ሰማሁት። ዘመድን "ማስረጃ አሳየኝ" ማለት እኛ ጋ ነውር ይመስላል፣ እንዳላመንከው ያስቆጥራል። ማስታወቂያውም በዘመድ እጅ የሚመጣው ለዚህ ነው። የማታውቁት ሰው ቢልክላችሁ አሥር ጥያቄ ትጠይቁ ነበር፣ የአክስት ልጅ ሲልከው አንድም አትጠይቁም።

ከእሱ ጋር ሁለት ዓመት ተኳርፈን ነበር፣ ሽማግሌ ገብቶ ነው የታረቅነው። ያኔ መጀመሪያውኑ "ወንድሜ፣ ከዚህ ላይ ለአንድ ሰው ስንት ታገኛለህ?" ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ያ ሁሉ ቅያሜ አይመጣም ነበር። ዘመድ ኮሚሽን ቢያገኝ ችግር የለውም፣ ለፍቶበታል። ግን የሚያገኝ ሰው የሚሰጠውን ምክር እንደ ሻጭ ምክር ስሙት። ገንዘቡም በእሱ እጅ አይለፍ፤ በብር ለእሱ ሰጥታችሁ እሱ እዚያ ለወኪል እንዲከፍል አታድርጉ፣ ነገር ሲበላሽ ደረሰኙም ክርክሩም በእሱ ስም ይሆናል። ዘመድ በደንብ የሚረዳችሁ ከባሕር ዳር ኤርፖርት ሲቀበላችሁ፣ ዳንግላ የሚያደርስ መኪናና የሚታመን ሾፌር ሲያገኝላችሁ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን በየቀኑ ሲነግራችሁ ነው። ይሄን ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ሌላው ለእናት ቀን መንገር ነው። የአክስቴ ልጅ እኔ ገና ሳልከፍል ለእናቴ "ታኅሣሥ 21 ይነሳሉ" ብሎ አበሠራት፤ በደስታ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን እኔ "ቆይ ላጣራ" ማለት አልቻልኩም። አራቱም ትኬት ቁጥሮች እጃችሁ ሳይገቡ ቀኑን ለቤት አትንገሩ። ለእህትም አትንገሩ፤ እህት ከነገረች እናት መስማቷ አይቀርም።

ማስታወቂያው ላይ ያለው "ሕፃናት በነፃ" ደግሞ በሁለት በኩል ስህተት ነበር። እቅፍ ላይ ለሚሄድ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን በዓለም አቀፍ በረራ ብዙ ጊዜ ከአዋቂው ዋጋ አሥር በመቶ አካባቢ ይከፈላል፣ ታክስም አለው። ትንሿ ልጄ ደግሞ ሁለት ዓመት የሚሞላት ጥር 8 ነበር። ስንሄድ እቅፍ ላይ ትሆናለች፣ ስንመለስ ግን የራሷ መቀመጫና የልጅ ዋጋ ያስፈልጋታል። ወኪሉ የልደት ቀኗን እንኳ አልጠየቀኝም። የልጆችን ልደት ሳይጠይቅ ለቤተሰብ ጠቅላላ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ዋጋውን አላሰላውም፣ ገምቶ ነው የነገራችሁ።

የባሕር ዳሩን በረራ ከዋናው ጋር በአንድ ትኬት አስቆርጡ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ወዲህ ከአዲስ አበባ በደጀን የሚመጣው መንገድ መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅም፣ ስለዚህ "ከአዲስ በመኪና እንገባለን" የሚለውን ዕቅድ ተዉት። በአንድ ትኬት ከሆነ የባሕር ዳሩ በረራ ቢሰረዝ ሌላ ቀን የሚፈልግላችሁ አየር መንገዱ ነው፣ ሻንጣውም በዓለም አቀፉ መጠን ይሄዳል። ለብቻው ከተቆረጠ የአገር ውስጡ የሻንጣ ልክ በጣም ያነሰ ነው፣ ትርፉን እዚያው ትከፍላላችሁ።

ክፍያ በክሬዲት ካርድ ይሁን። ዜል እንደ ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ከወጣ ወጣ። ወኪሉ ለካርድ ጥቂት በመቶ ጨምሩ ቢል ጨምሩ። ከዚያ የካርዳችሁን መግለጫ እዩ። የአየር መንገዱ ስም ከወጣ ገንዘቡ በቀጥታ ትኬቱ ላይ ውሏል ማለት ነው። የወኪሉ ስም ከወጣ ገንዘቡ አሁንም እሱ ጋ ሊሆን ስለሚችል ትኬት ቁጥሩን በዚያው ሳምንት ጠይቁ።

አሁን ከፍላችሁ ቁጥር ያልደረሳችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ለወኪሉ ይሄን ጻፉ፦ "የአራታችንን ባለ 13 አሃዝ ትኬት ቁጥሮች እስከ ነገ ማታ ላክልኝ። ካልተቆረጠ ገንዘቤን መልስ።" በስልክ አትናገሩት፣ ጻፉት። ነገ ማታ ካልመጣ ለካርድ ባንካችሁ ደውሉና የከፈላችሁበትን አገልግሎት እንዳላገኛችሁ ተናገሩ። አሜሪካ ያላችሁ አትዘግዩ፣ ሕጉ ለተቃውሞ የሚሰጠው 60 ቀን የሚቆጠረው ክፍያው ያለበት የመጀመሪያ መግለጫ ከተላከላችሁ ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ከጉዞው ቀን አይደለም። ማስታወቂያውንም አታጥፉት፣ "ሕፃናት በነፃ" የሚለው ጽሑፍ ጭምር ባንኩ ጋ ማስረጃ ይሆናችኋል።